አባታችን ካረፈ በኋላ ምን ልበላቸው?

ጥያቄ፦ «አባታችን ካረፈ ወዲህ ወንድሞቼና እህቴ እየተራራቁ ነው። ታላቅ እኔ ነኝ። ሰብስቤ ምን ልበላቸው?»

መልስ፦ ነፍስ ይማር፣ እህቴ። ንግግሩን አሳጥሪው፤ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። «እንዋደድ» ብቻ ካልሽ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ይልቅ እያንዳንዳቸው ለአባታችሁ ያደረጉትን በስም እየጠራሽ ተናገሪ። ቂሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «የኔን ልፋት ማን አየልኝ?» ከሚለው ነው። ርቆ የኖረውንም እንዳትረሺ። አጠገቡ አለመሆኑ ስለሚቆጨው ቀድሞ የሚቆጣው እሱ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ በያቸው፦

«አንተ ሌሊቱን አጠገቡ አደርክ። አንቺ መድኃኒቱን አንድም ቀን አላሳለፍሽም። አንተ ሩቅ ሆነህ ወጪውን ቻልክ። እኔ ታላቃችሁ ነኝ እንጂ አባታችሁ አይደለሁም፤ ስሳሳት ንገሩኝ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከመካከላችን የከፋው ሰው ለሌላ ከማውራቱ በፊት ላስከፋው ሰው ይደውል።»

የውርሱን ነገር እዚያው አታንሺ። ካነሳሽው ያልሽው ሁሉ ለንብረቱ መንደርደሪያ ይመስላል። ለእሱ ሌላ ቀን ቁረጡ፤ ሰነዱ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ፣ የትዳር ጓደኞችም ለዚያን ቀን ይቅሩ። ቀኑን ሳትቆርጡ ግን አትለያዩ። ዝምታው ከረዘመ ሐሜት ይገባበታል።