ዶላር እየጨመረ ብር ጠነከረ? የቡና ሰዎች ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጥያቄ፦ (ቡና አቅራቢ፣ አጋሮ) «ከ2014 እስከ 2016 ባንክ በሄድኩ ቁጥር ዶላር ትንሽ ትንሽ ሲጨምር ነው ያየሁት። ኢኮኖሚክስ የተማረ የእህቴ ልጅ ግን በዛን ጊዜ ብር ጠንክሮ ነበር፣ ላኪዎችን የጎዳውም እሱ ነው አለኝ። እየቀለደብኝ ነው?»

መልስ፦ አልቀለደብህም፣ ልጁ ልክ ነው። ባንክ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የምታየው ኖሚናል የሚባለው ነው፣ አንድ ዶላር በስንት ብር ይመነዘራል፣ በቃ ሌላ ምንም አይነግርህም። ሪል የሚሉት ደሞ ያ የመነዘርከው ብር እዚ መርካቶ ይዘኸው ስትወጣ ምን ያህል እንደሚገዛና ዶላሩ እዛው ሳይመነዘር ቢቀር ምን ያህል ይገዛ እንደነበር አብሮ ያያል። ስሌቱ ቀላል ነው፣ የባንኩን ዋጋ በውጭ አገር የዋጋ ደረጃ ታበዛዋለህ፣ በኛ የዋጋ ደረጃ ታካፍለዋለህ።

ባንተው ጊዜ እንስራው። ሐምሌ 2014 ላይ አንድ ዶላር ወደ 52 ብር ነበር፣ ሐምሌ 2016 ላይ (ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ማለቴ ነው) ወደ 57። ጭማሪው በሁለት አመት ወደ 10 ከመቶ። በነዛው ሁለት አመታት የኛ ገበያ ዋጋ መጀመሪያ ወደ 29፣ ቀጥሎ ወደ 20 ከመቶ ጨመረ፣ ሁለቱ ሲደራረቡ 100 ብር የነበረው ዕቃ 155 ሆነ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ጋ 100 የነበረው 106 ቢሆን ነው። እንግዲ 57ን በ106 አብዛው፣ በ155 አካፍለው፣ 39 ይመጣል። ሰሌዳው ላይ 57 የተጻፈው ዶላር በ2014 አቅም ሲለካ የ39 ብር ስራ ነው የሚሰራው፣ በፊት ግን 52 ነበር። ከአራት እጅ አንዱ ሄደ። ሰሌዳው ብር ደከመ ይላል፣ ገበያው ደሞ ብር ጠነከረ ይላል፣ ላኪ የሚኖረው ደሞ ገበያው ላይ ነው።

«ጠነከረ» የሚለው ቃል ራሱ ግን ሰው ያሳስታል፣ እኔንም መጀመሪያ ላይ አሳስቶኛል። የኑሮ ውድነት እያሰቃየህ ብር ጠነከረ ሲሉህ ትናደዳለህ። እዚ ጋ ጠነከረ ማለት ከውጭ የመጣ ዶላር ኢትዮጵያ ውስጥ የሚገዛው ነገር አነሰ ማለት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ (ገበሬ፣ ማና) «እኔ ዶላር አይቼም አላውቅ፣ ቡናዬን የምሸጠው በብር ነው። ላኪው ቢጎዳ ባይጎዳ እኔን ምን አገባኝ?»

መልስ፦ አባቴ፣ ከሁሉም በላይ የሚያገባዎትስ እርስዎን ነው። የአንድ ፈረሱላ ሂሳብ አብረን እንስራ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የያዝኳቸው ናቸው፣ አካሄዱ ግን እውነተኛው ነው።

የኒውዮርክ ገበያ ቡና የሚጠራው በፓውንድ ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ወደ 37 ተኩል ፓውንድ ይሆናል። ፓውንዱ 2 ዶላር ነው ብንል አንድ ፈረሱላ የተበጠረ ቡና 75 ዶላር ያወጣል። በ52 ሲመነዘር 3,900 ብር። ከዚ ላይ ጀንፈሉን ማስፈልፈያ፣ ለቃሚ ሴቶቹ፣ ጆንያ፣ ጫኝና አውራጅ፣ እስከ አዲስ አበባ ከዛም እስከ ጅቡቲ የመኪና ኪራይ፣ የባንክ ወለድ፣ የአቅራቢውና የላኪው ትርፍ ሁሉ አንድ ላይ 900 ብር ወሰደ እንበል። ለቡናው ለራሱ የሚተርፈው 3,000 ብር ነው፣ እሱ ነው እርስዎ ጋ የሚደርሰው።

አሁን ሁለት አመት እንለፍ። የኒውዮርክ ዋጋ ንቅንቅ አላለም እንበል፣ ያው 75 ዶላር። በ57 ሲመነዘር 4,275 ብር ሆነ፣ ጥሩ ጨመረ ይላሉ። ግን ጫኙም የጫንበትን ጨምሩልኝ አለ፣ ባለመኪናውም ጨመረ፣ ጆንያም ጨመረ፣ 900 የነበረው ወጪ እንደ ሌላው ዕቃ ጨምሮ 1,395 ገባ። ቀሪው 2,880። በቁጥር 120 ብር ብቻ ነው የጎደለው፣ እዚ ላይ ቢቆም ምንም አልነበረም። ግን እርስዎ ያን 2,880 ይዘው ዘይት፣ ጨው፣ የልጅ ደብተር፣ ለአረም የሚያስገቡት ሰው የቀን ሂሳብ ሊከፍሉ ነው፣ ያ ሁሉ ደሞ 55 ከመቶ ጨምሯል። በድሮው ብር ሲታይ 1,858 ገደማ ነው የቀረዎት። ከ3,000 ወደ 1,858፣ ከመቶ 38 ያህሉ ሄደ ማለት ነው፣ ቡናው አንድ ፍሬ ሳይቀንስ፣ ኒውዮርክም አንድ ሳንቲም ሳትቀንስ።

የሪል ምንዛሪው የጠፋው 25 ከመቶ ሆኖ እርስዎ ጋ ሲደርስ ለምን 38 ሆነ? መሀል ያሉት ሰዎች ወጪያቸውን ከላይ ቀድመው ስለሚያነሱ ነው። ባለመኪናው ቡና ባይኖር በቆሎ ይጭናል፣ ስለዚ ዋጋውን አያወርድም። የቡና ዛፍ ግን ተነስቶ ወደ ሌላ ስራ አይሄድም። የተረፈውን የሚቀበል ሰው ነው ኪሳራውንም የሚቀበለው። አንዳንዱ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለውም በዚ ሂሳብ ነው፣ ብዙ ሰው ስንፍና ወይም ሱስ አድርጎ ያወራዋል እንጂ።

ጥያቄ፦ (ተማሪ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ) «ላኪው ወጪው ከጨመረ ለምን ዶላሩን አይጨምርም? ቡናችን በዓለም አንደኛ አይደል እንዴ?»

መልስ፦ ዋጋውን የሚወስነው ብራዚልና ቬትናም ምን ያህል አመረቱ የሚለው ነው። ያልታጠበ ጅማ ቡና ሲሸጥ «ኒውዮርክ ሲደመር ይሄን ያህል» ወይም «ሲቀነስ ይሄን ያህል» ተብሎ ነው ውሉ የሚጻፈው፣ ድርድሩ በዛች በምትደመረው ወይም በምትቀነሰው ላይ ብቻ ነው። እዚ ጫኝ ተወደደብኝ ብትለው ገዢው አዝኖልህ ብራዚል ጋ ይደውላል። ልዩ የሆነ ስም ያለው፣ በጥንቃቄ የታጠበ የሊሙ ቡና ትንሽ ይሻለዋል፣ እሱ ግን ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው።

በነገራችን ላይ የብራዚል ገንዘብ ስሙ ራሱ ሪያል ነው፣ ከሪል ምንዛሪ ጋ እንዳይምታታብህ። እሱ ሲደክም የብራዚል ገበሬ በራሱ ገንዘብ ብዙ ስለሚያገኝ ቡናውን ወደ ገበያ ያወጣል፣ ኒውዮርክም ይወርዳል። ስለዚ ብርን ከዶላር ጋ ብቻ ማወዳደር አይበቃም፣ ከተፎካካሪህ ገንዘብም ጋ ማየት አለብህ። እኛ ጠንክረን እነሱ የደከሙ ለት በሁለት በኩል ነው የምንመታው።

ጥያቄ፦ (ያው አጋሮ፣ ሌላ ሰው) «ሂሳብህ ልክ ከሆነ የቡና ዋጋ በዛን ጊዜ መውደቅ ነበረበት። እኔ የማስታውሰው ግን እዚ አገር ውስጥ ከውጭ ገበያው በላይ ተወዶ ላኪ እየከሰረ ሲገዛ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?»

መልስ፦ ጥሩ ያዝከኝ። ከላይ ለማናው አባት የሰራሁት ሂሳብ የሚሰራው ላኪው ከቡና ብቻ የሚኖር ከሆነ ነው። በዛን ጊዜ ግን በባንክ ወረፋ ዶላር የማያገኝ አስመጪ ቡና መላክ ጀመረ፣ የፈለገው ቡናውን ሳይሆን ዶላሩን ነው።

ባለፈው ፈረሱላ እንየው። 75 ዶላር በ57 ተመንዝሮ 300 ብር ከሰረ እንበል። ከ75ቱ ዶላር ግን 15ቱን ለራሱ ዕቃ ማስመጫ መጠቀም ቢችል፣ ያመጣውን ጎማ ወይም ብረት የሚሸጠው በጥቁር ገበያ ሂሳብ ነው፣ ጥቁር ገበያው ደሞ በመጨረሻዎቹ ወራት 100 ብር አልፎ ነበር። በእያንዳንዱ ዶላር ላይ ከ40 ብር በላይ ልዩነት አለ፣ በ15 ዶላር ከ600 ብር በላይ። 300 ከስሮ 600 ካተረፈ ይሄ ኪሳራ አይደለም፣ ዶላር መግዣ ነው።

ስለዚ ቡናው ላይ የጠፋው ገንዘብ ጎማው ላይ ይመለሳል፣ የሚከፍለውም ጎማ የገዛው ሹፌር ነው። የተጎዳው ማን ነው ካልከኝ፣ ማስመጣት የሌለው፣ ቡና ብቻ የሚያውቀው ላኪ ነው። እሱ ከነዛ ጋ ተጫርቶ መግዛት አልቻለም። አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ላኪ መጋዘናቸውን ለእህል ነጋዴ አከራይተው ቤታቸው ተቀመጡ፣ ቡና መቅመስ ነው እንጂ ጎማ መሸጥ አላውቅም ይሉ ነበር።

ይሄን ነገር በአይን ማወቂያም አለው። የኒውዮርኩን ዋጋ በ37 ተኩል አብዛው፣ በባንኩ ምንዛሪ አብዛው፣ ወጪህን ቀንስ። እዚ የሚጠራው የቡና ዋጋ ከዛ በላይ ሆኖ ወራት ከቆየ ወይ ሰው ዶላር እየገዛ ነው፣ ወይ ቡናው በኮንትሮባንድ እየወጣ ነው።

ጥያቄ፦ (ሞባይል ሱቅ፣ መርካቶ ጅማ) «ብር ቢጠነክር እኔ ደስ ይለኛል፣ ኃጢያት ነው?»

መልስ፦ ኧረ በፍጹም። አንተ ዶላር ገዢ ነህ፣ የማናው አባት ዶላር ሻጭ ናቸው። ግን ደንበኛህ ማን እንደሆነ አስብ፣ ህዳርና ታህሳስ ቡና ሲሸጥ ነው ስልክህ የሚሸጠው።

ጥያቄ፦ (የባንክ ሰራተኛ፣ ጅማ) «ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ከዛ በኋላ ላኪው ተገላገለ ማለት ይቻላል?»

መልስ፦ ለጊዜው አዎ፣ በጣም። በአመቱ ዶላር ባንክ ላይ ከ130 ብር በላይ ሆነ፣ የኛ ዋጋ በመንግስት መረጃ ወደ 14 ከመቶ ጨመረ፣ የአሜሪካኖቹ ወደ 3። በ130 እንኳን ብንሰራው፣ በ103 አብዝተን በ114 ስናካፍል ወደ 117 ይመጣል፣ መነሻው ደሞ 57 ነበር። ሪሉም እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ዶላር ከእጥፍ በላይ ሲጨምር ዕቃ ለምን እጥፍ አልሆነም ብለው ብዙ ሰዎች ይጠይቁኛል። የመጣው ዕቃ ድሮም በ57 አልነበረም የሚሸጠው፣ ነጋዴው ከመጀመሪያውም በጥቁር ገበያ ዋጋ አስቦ ነበር። በ57 ሂሳብ ተቀብሎ ሲኖር የነበረው ባለቡናው ነው፣ ለዛ ነው ለውጡ እሱ ላይ የጎላው።

ግን ይሄ ጥቅም እንደ በረዶ ነው፣ ይሟሟል። ዶላር እዛው ላይ ቢቆምና የኛ ዋጋ በየአመቱ 14፣ የነሱ 3 ከመቶ ቢጨምር፣ በ7 አመት ገደማ ወደ ድሮው ሪል እንመለሳለን። የኛ እንደ 2015ቱ 30 ከመቶ ቢገባ ደሞ 3 አመት ይበቃል። ያየነው ነገር ነው፣ ጥቅምት 2010 ላይ ብር በ15 ከመቶ ሲቀነስ እዚ ላኪዎች በግ አርደው ነበር፣ ሁለት አመት ሳይሞላ ግን የዋጋ ንረቱ ጠቅላላውን በልቶት ጨረሰ፣ ሰሌዳው ላይ ዶላሩ ያኔም እየጨመረ ነበር።