ቫልቩ ሲነክስ ትሬንዱ ምን ይመስላል? ጥያቄና መልስ

የፈረቃ ኦፕሬተር፦ የፍሰት ሉፓችን ቀንና ሌሊት ይወዛወዛል። የምንፈልገው ፍሰት፣ SP፣ 40 ሜትር ኩብ በሰዓት ነው፤ የሚለካው ፍሰት፣ PV፣ 39.4 እና 40.6 ላይ ይመላለሳል፣ አንዱ ዙር ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። መሐንዲሱ ጌኑን ከ0.25 ወደ 0.125 ዝቅ አደረገው። የኢንተግራል ጊዜው 15 ሰከንድ ነው፣ አልተነካም። የመለኪያው ሙሉ ልክ 60 ነው። መወዛወዙ አልቆመም፣ ዝግ ብቻ አለ። ምን ይሆን?

መልስ፦ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ግማሹን መልስ ይዟል። ሉፑ የሚወዛወዘው ጌኑ ስለበዛ ቢሆን ኖሮ በግማሽ ሲቀነስ ዥዋዥዌው እየሰለለ ሄዶ በጠፋ ነበር። የእርስዎ ግን ስፋቱ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው ጊዜው ብቻ ነው። ይህ ቫልቩ ራሱ የሚሠራው ሊሚት ሳይክል ነው፣ ስፋቱን ሳይለውጥ ራሱን የሚደግም ዥዋዥዌ፤ ዋናው ተጠርጣሪም ስቲክሽን ነው፣ ማለትም ቫልቩ በፍትጊያ ተይዞ ቆይቶ መዝለሉ።

PVንና ኮንትሮለሩ ለቫልቩ የሚልከውን ትእዛዝ፣ OPን፣ በአንድ ገጽ ላይ አውጥተው አንዱን ዙር ብቻ አስፍተው ይመልከቱ። PV 39.4 ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆማል። ኮንትሮለሩ ፍሰቱ እንደጎደለ ያያል፣ ኢንተግራሉም OPን በዝግታ ወደ ላይ ይገፋል። የቫልቩን ስቴም ግን ፓኪንጉ ነክሶ ይዞታል። አክቹዌተሩ ውስጥ የአየር ግፊት ይጠራቀማል። ግፊቱ ፍትጊያውን ባሸነፈበት ቅጽበት ስቴሙ ይስፈነጠራል፤ የሚንቀሳቀስ ስቴም የሚገጥመው ፍትጊያ ከቆመው ያነሰ ነውና የሚያርፈው ከሚፈለገው ቦታ አልፎ ነው። PV ባንድ ጊዜ 40.6 ይሆናል። አሁን ያው ነገር በተቃራኒው ይጀምራል። ቫልቩ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል መቆም ስለማይችል 40 ላይ ፈጽሞ አያርፍም።

በቁጥር እንየው። የ0.6 ጉድለት ከመለኪያው ሙሉ ልክ 1 ከመቶ ነው። ጌኑ 0.25 በነበረ ጊዜ ኢንተግራሉ OPን በሰከንድ 0.0167 ከመቶ ያህል ይገፋ ነበር። ግማሹ ዙር 90 ሰከንድ ስለሆነ ይህ 1.5 ከመቶ ይሆናል። PV በዘለለ ጊዜ ደግሞ የ2 ከመቶ ለውጥ ስለሆነ ፕሮፖርሽናሉ ወዲያው 0.5 ከመቶ ወደ ኋላ ይመልሳል። ሲደመር 2 ከመቶ፤ ቫልቩ አቅጣጫ ለመለወጥ የሚጠይቀው ይህን ያህል ነው። በአዲሱ ጌን ፕሮፖርሽናሉ የሚሰጠው 0.25 ብቻ ነው፤ የቀረውን 1.75 ኢንተግራሉ በግማሽ ፍጥነቱ ለመሙላት 210 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሙሉው ዙር ሰባት ደቂቃ ሊሆን ይገባል። እባክዎ ሰዓት ይዘው ይንገሩኝ።

የፈረቃ ኦፕሬተር፦ ለካሁት፤ ስድስት ደቂቃ ከግማሽ ያህል ነው። ግን ላይኛው ጠፍጣፋ ከታችኛው ያጥራል። ይህ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ስድስት ተኩል ለእኔ በቂ ነው። ፍትጊያ በየዙሩ እኩል አይሆንም፣ እኔም የሂደቱን መዘግየት አልቆጠርኩም።

የጠፍጣፋዎቹ አለመተካከል ግን ጥሩ ዓይን ያየው ነገር ነው። ሁለቱ ማረፊያዎች ከSP እኩል መራቅ የለባቸውም። ላይኛው ትንሽ ራቅ ካለ ስሕተቱ ትልቅ ስለሆነ ኢንተግራሉ በፍጥነት ይሞላል፣ ጊዜው ያጥራል። ዙሩ ራሱን እስከደገመ ድረስ ከSP በላይና በታች ያሉት ስፋቶች እኩል ይሆናሉ። ከ40.6 ይልቅ በ40.7 አካባቢ ፈልጉት፤ የትሬንዱ ማሳያ አጠጋግቶት ይሆናል።

የቁጥጥር መሐንዲስ፦ ጌኑን የቀነስኩት እኔ ነኝ። ኢንተግራሉን ሙሉ በሙሉ ባጠፋው ዥዋዥዌው ይቆማል። እንዲያ ከሆነ ችግሩ ቱኒንግ ነው እንጂ ቫልቭ አይደለም።

መልስ፦ የመጀመሪያው አባባልዎ ትክክል ነው፤ በፍሰት ሉፕ ላይ ኢንተግራሉ ከጠፋ OPን የሚገፋው ስለሌለ ቫልቩ ከማረፊያዎቹ ባንዱ ላይ ተኝቶ ይቀራል። መደምደሚያው ግን አይከተልም። ያኔ PV 39.4 ላይ ቀርቶ 40ን አያገኝም። ጠፋ የተባለው ዥዋዥዌ በቋሚ ጉድለት ተተካ ማለት ነው። ለጊዜው ከቫልቩ በኋላ ያለው ሂደት መናወጥ የማይወድ ከሆነ ይህ ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ እኔም አድርጌው አውቃለሁ። ግን የሥራ ትእዛዙ ላይ «ቱኒንግ» ተብሎ ከተዘጋ ያንን ፓኪንግ ማንም አይነካውም።

ለራስዎ ለማረጋገጥ OPን በአግድም፣ PVን በቁም አድርገው አንዱን በሌላው ላይ ይሳሉ። ከውጭ በመጣ መናወጥ ወይም በበዛ ጌን የሚወዛወዝ ሉፕ ብዙውን ጊዜ ክብ የሚመስል ሞላላ ይስላል። የሚነክስ ቫልቭ ግን ሹል ማዕዘን ያለው ያጋደለ ሣጥን ይስላል፤ አግድም ጎኖቹ ቫልቩ ተኝቶ OP ብቻ የሚሄድባቸው ናቸው። በዚህ ሉፕ የሣጥኑ ወርድ 2 ከመቶ ገደማ መሆን አለበት።

የጥገና ቴክኒሽያን፦ እኛም ጋር አንድ ቫልቭ ሲዘጋ ያሳልፍ ነበር። ሲቱን ስንለውጠው ተስተካከለ። እናንተም ሲቱን እዩት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ ሌላ በሽታ ነው። ማሳለፍ የሚታየው ቫልቩ በተዘጋበት ነው፤ እዚህ የምናወራው በጉዞው መካከል ስላለ መንከስ ነው። ሲት ቢለወጥ አይድንም። ለእርስዎ ሙያ የሚቀርበው ጥያቄ ፓኪንጉ መቼ ተጠበቀ የሚለው ነው። ስቴሙ ጋ ትንሽ እርጥበት ሲታይ የፓኪንጉን ብሎኖች መጨረሻ ድረስ ማጥበቅ የተለመደ ነው፣ በተለይ የግራፋይት ፓኪንግ ከዚያ በኋላ ክፉኛ ይይዛል። መልሶ ማላላት ግን በትሬንድ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ በውስጡ ያለው አደገኛ ፈሳሽ ከሆነ ሉፑ ተነጥሎ በሥራ ፈቃድ ይሠራ።

የታንክ ክፍል ኃላፊ፦ የእኔ የታንክ ከፍታ ሉፕ ነው። PV ካሬ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ነው የሚመስለው። ሣጥኑንም ሳልኩት፣ ሞላላ ወጣ። ቫልቩ ንጹህ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ታንክ የፍሰትን ልዩነት ያጠራቅማል። ፍሰቱ ካሬ ሆኖ ቢዘል ከፍታው ቀጥ ባለ መስመር ይወጣና ይወርዳል፣ ማለትም ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ሣጥኑን የተናገርኩት PV የቫልቩን ቦታ ወዲያው ለሚከተልበት ሉፕ ነው። የታንኩ መውጫ ላይ የፍሰት መለኪያ ካለ ከፍታውን ትተው እሱን በOP ላይ ይሳሉ።

ሌላም ነገር አለ። በታንክ ሉፕ ላይ ስቲክሽን ባይኖርም ባክላሽ ብቻውን ሊሚት ሳይክል ይፈጥራል። ባክላሽ ማለት በማያያዣው፣ በፒኑ ወይም በጥርሱ ላይ ያለ ላላ ነገር ነው፤ አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር ያ ክፍተት እስኪሞላ ቫልቩ አይንቀሳቀስም፣ ከተሞላ በኋላ ግን ሳይዘል ይከተላል። በፍሰት ሉፕ ላይ ይህ ምላሹን ያዘገያል እንጂ ብቻውን ዥዋዥዌ አያኖርም። ታንኩ ራሱ አጠራቃሚ ነው፤ ኮንትሮለሩ ሁለተኛ አጠራቃሚ ሲጨምርበት ግን የክፍተቱ መዘግየት ሉፑን እያሽከረከረ ያኖረዋል። ስለዚህ ለከፍታ ሉፕ ኢንተግራሉን ማላላት እውነተኛ እፎይታ ይሰጣል፤ ከፍታው ልክ 50 ከመቶ ላይ መቀመጥ የግድ ካልሆነ ሙሉ በሙሉ ማጥፋትም ይቻላል።

የታንክ ክፍል ኃላፊ፦ የመውጫ መለኪያ የለንም። ታዲያ ስቲክሽን ይሁን ባክላሽ በምን እለያለሁ?

መልስ፦ ከትሬንዱ ብቻ ለመለየት አልደፍርም። ሉፑን ማንዋል ላይ ያድርጉ። ዥዋዥዌው ከቆመ የሚመነጨው ከሉፑ ውስጥ ነው፤ ከቀጠለ ከውጭ ነው፣ ወይም ደግሞ የቫልቩን ቦታ የሚቆጣጠረው ፖዚሽነር በራሱ እየተወዛወዘ ነው። ከዚያ OPን በ0.5 ከመቶ እርምጃ ወደ አንድ አቅጣጫ ይግፉ፣ በየእርምጃው ጠብቀው የከፍታው መስመር አዘነባበሉን ለውጦ እንደሆነ ይዩ። አራት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ይመለሱ። ባክላሽ ከሆነ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ እያንዳንዱ እርምጃ ይሠራል፤ የሚጠፋው ከተመለሱ በኋላ ያለው የመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ስቲክሽን ከሆነ በአንድ አቅጣጫ እየሄዱም ሳለ ሁለት እርምጃ ዝም ይልና ሦስተኛው ላይ የሦስቱንም ያህል ይዘላል።

የፖዚሽነሩን የጉዞ ምልክት ብቻ ግን አትመኑ። አንድ ጊዜ የቢራቢሮ ቫልቭ ገጥሞኝ ጉዞው ከOP ጋር ልክ እንደ ጥላ ይሄድ ነበር፤ ፍሰቱ ግን አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር ለ3 ከመቶ ዝም ይላል። ሁለት ሳምንት መለኪያውን ስንወቅስ ከረምን። ሲፈታ ዘንጉንና ዲስኩን የሚያያይዘው ፒን ቀዳዳውን አስፍቶት ተገኘ። ፖዚሽነሩ የሚያነበው ከዘንጉ ራስ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ላላ ነገር የሚያይበት መንገድ የለውም።

ጀማሪ መሐንዲስ፦ ከዳታ ማከማቻው ያለፈውን ወር አወጣሁ። የሁሉም ፍሰት ሉፖች PV ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ሁሉም ቫልቮች ይነክሳሉ?

መልስ፦ እኔ ማከማቻውን ነው የምጠረጥረው። ዳታው ሲጨመቅ ነጥቦች ይጣላሉ፣ ማሳያውም የቀሩትን በቀጥታ መስመር ያያይዛል፤ ካሬውም ክቡም ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል። የደቂቃ አማካይ ከሆነ ደግሞ ዝላዩ ተለስልሶ ይጠፋል። ለሚጠረጥሩት አንድ ሉፕ መጭመቂያውን አጥፍተው PV፣ OP እና SPን በየሰከንዱ ለሁለት ሰዓት ይመዝግቡ። የወሩን ዳታ የትኛው ሉፕ እንደሚወዛወዝ ለመምረጥ ይጠቀሙበት፤ ቅርጽ ግን አያንብቡበት።

የሂደት መሐንዲስ፦ የእኛ የግፊት ሉፕና ከሱ በታች ያለው የፍሰት ሉፕ እኩል በአራት ደቂቃ ይዞራሉ። ሁለቱም ካሬ ካሬ ይላሉ። ማንዋል ማድረግ እስከሚቀጥለው ማቆሚያ አይፈቀድልንም። ጥፋተኛው የቱ ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ማዕዘኑ ሹል የሆነው ለምንጩ ይቀርባል፤ መናወጡ በታንክና በቧንቧ ሲያልፍ ማዕዘኖቹ ይደበዝዛሉ። እናንተ ጋ ግን ሁለቱ ሉፖች ጎን ለጎን ስለሆኑ የሚደበዝዝበት ርቀት የለም፤ የግፊቱ ሉፕ የመልስ ተጽዕኖም አለው። ማንዋል ካልተፈቀደ የአንደኛውን ብቻ የኢንተግራል ጊዜ በሦስተኛ ያህል ለማስረዘም ፈቃድ ይጠይቁ። የሁለቱም ዙር አብሮ ከረዘመ ያ ሉፕ የዑደቱ አካል ነው፤ ዙሩ ካልተለወጠ ሌላኛውን ይሞክሩ።

የሂደት መሐንዲስ፦ የፍሰቱን አስረዘምነው። ዙሩ ከአራት ወደ አራት ተኩል ሄደ፤ ከጠበቅነው ያነሰ ነው። የግፊቱን ገና አልነካንም።

መልስ፦ ይህ ሁለቱም ይነክሳሉ የሚል ጥርጣሬ ያሳድርብኛል፤ ግን በዚህ ብቻ አልፈርድም። የፍሰቱን ወደ ነበረበት መልሱና የግፊቱን በዚያው መጠን አስረዝሙ። የሁለቱንም ፖዚሽነሮች ጉዞ በየሰከንዱ መዝግባችሁ ላኩልኝ።