የራቀችኝን ጓደኛ በመልእክት ብሰናበታት ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብራኝ ያደገች ጓደኛ አለችኝ። አልተጣላንም፤ ግን ቀስ በቀስ ተራርቀናል። አሁን የቀረን የበዓል «እንኳን አደረሰሽ» ብቻ ነው። በጻፈችልኝ ቁጥር «እንገናኝ እንጂ» ትለኛለች፤ እኔም «እሺ» እላለሁ፤ ከዚያ ዝም። አምና ታማ ስትተኛ ሳልጠይቃት ቀረሁ፤ ከዚያ ወዲህ እሷን ማየት ያሳፍረኛል። በመልካም ቃል ልሰናበታት ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «እግዚአብሔር መንገዳችን እንዲለያይ እንደፈቀደ ተረድቻለሁ። ካስቀየምኩሽ ይቅርታ። ለሁለታችንም ይሄ ይሻላል።» ብልከው ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ የተወደድሽ እኅቴ፣ መራራቁ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የታዘዝነው ሰውን ሁሉ እንድንወድ ነው እንጂ ከሁሉም ጋር እኩል እንድንቀራረብ አይደለም። ጌታችን ብዙ ሕዝብ ይከተለው ነበር፤ ከእነዚያ 12ቱን መረጠ። ወደ ተራራው ወጥቶ ክብሩን ሲገልጥ ግን ይዟቸው የሄደው ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ነበር። የቀሩትን ስለጠላቸው አይደለም።

መለያየትም ቢሆን በመጽሐፍ አለ። በዘፍጥረት 13 አብርሃም ሎጥን «ከእኔ ትለይ ዘንድ እለምንሃለሁ» አለው። ያን ጊዜ ስሙ ገና አብራም ነበር። ጉዳዩን አልሸፋፈነም፤ ምርጫውንም ለሎጥ ተወለት። ልብ በይ፣ ታሪኩ እዚያ አያበቃም። በምዕራፍ 14 ሎጥ ሲማረክ አብርሃም 318 ሰዎች ይዞ ሌሊት ሄዶ አስለቀቀው። አብሮ መኖሩ ቀረ እንጂ ወንድምነቱ አልቀረም። የአንቺም መልእክት ይህን ቢመስል ደስ ይለኛል።

ግን አሁን እንዳትልኪው። ከጻፍሽው ሁሉ ልቤን የያዘው ስለ ሕመሟ ያነሳሽው ነው። «አልተጣላንም» ብለሽ ወዲያው «ማየት ያሳፍረኛል» አልሽ። መራራቁ ከዚያ በፊት የጀመረ ሊሆን ይችላል። አሁን የሚያርቅሽ ግን ሐፍረቱም ነው። ሐፍረት ደግሞ ሰውን ያሸሻል፤ የሸሸ ሰውም «ፍቅራችን ቀዝቅዟል» ብሎ ያስባል። ሁለቱን ለይተሽ ሳታዪ ስንብት ብትጽፊ፣ ከጓደኛሽ ሳይሆን ከበደልሽ እየሸሸሽ ይሆናል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። በማቴዎስ 5፥23-24 ጌታችን መባውን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። የተናገረው አንተ ቅር ብሎህ እንደሆነ አላለም፤ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ብታስብ ነው ያለው። እሷ ቅሬታዋን እስክትናገር አትጠብቂ። በማቴዎስ 25 ታማሚን አለመጠየቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቂያለሽና ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው።

ይቅርታውን በጽሑፍ አታድርጊው። ከቻልሽ በአካል፣ ካልሆነም ደውለሽ ድምፅሽን ትስማ። «ካስቀየምኩሽ» የምትለዋን ቃል ተዪያት። «ካ» ስትገባ ጥፋቱ የተጠረጠረ ነገር ይሆናል፤ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። እንዲህ በያት፦ «አምና ታመሽ በተኛሽ ጊዜ ሰምቼ አልመጣሁም። በኋላም አፍሬ ሸሸሁሽ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።» ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ልጆቹ አስቸግረውኝ ነበር አትበዪ። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት። ብትቆጣም ስሚያት። ምናልባት የዓመቱን ሁሉ ታወጣው ይሆናል።

በዚያው ቀን ስንብቱን ጨርሶ አታንሺ። ይቅርታና ስንብት አብረው ከሄዱ ይቅርታው የመውጫ ክፍያ ይመስላል። እሷም «ይቅር ብዬሻለሁ» ስትል የምታሰናብትሽ ያህል ይሆንባታል። ጥቂት ሳምንታት ይለፉ። እፎይ ብለሽ፣ ሳትጨነቂ ልትደውዪላት ከፈለግሽ፣ የጠፋው ጓደኝነቱ ሳይሆን ድፍረትሽ ነበር ማለት ነው፤ መልእክቱም አያስፈልግም። ይቅር ተባብላችሁም ወሬው ከሰላምታ የማያልፍ ከሆነ፣ ቀጠሮ በተያዘ ቁጥር የምትሰርዢበትን ምክንያት የምትፈልጊ ከሆነ፣ ያን ጊዜ በእውነት ተራርቃችኋል።

ታዲያ ዝም ብሎ መተውስ አይበቃም ወይ? ሁለቱም ወገን ዝም ካሉ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሰውን በስንብት ደብዳቤ ማስደንገጥ አያስፈልግም። የእናንተ ግን ይለያል። እሷ «እንገናኝ» ትላለች፣ አንቺ «እሺ» ትያለሽ። ይህ «እሺ» ውሸት ነው፤ እሷንም ያስጠብቃታል። ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ተብለናል። እየጠበቀች ላለች ሰው እውነቱን መናገር ግዴታሽ ነው።

አሁን ወደ ጻፍሽው እንምጣ። «እግዚአብሔር እንደፈቀደ» የሚለውን ሰርዢው። ይህን አጥብቄ የምልሽ በየጊዜው ስለምሰማው ነው። ውሳኔው የአንቺ ነው። የአምላክን ስም ከፊት ስታስቀድሚ እሷ መልስ መስጠት አትችልም፤ እግዚአብሔርም እንደተዋት ሊሰማት ይችላል። ስሙን በከንቱ አትጥራ የተባለው እንዲህ ላለውም ነገር ነው። «ለሁለታችንም ይሻላል» የሚለውም ይውጣ። ለእሷ የሚሻላትን የምታውቀው እሷ ናት፤ አንቺ ስለ ራስሽ ብቻ ተናገሪ።

ለምሳሌ እንዲህ ልትጽፊላት ትችያለሽ፤ ትዝታውን በራሳችሁ ተኪው፦

«እኅቴ፣ እንዴት ነሽ? ፈተና የወደቅኩ ጊዜ ቤት ድረስ መጥተሽ ከጎኔ የተቀመጥሽውን መቼም አልረሳውም። በዚያ ዕድሜ አንቺን የሰጠኝን አምላክ አመሰግነዋለሁ። እንገናኝ ስትዪኝ እሺ እያልኩ መቅረቴ ግን ልክ አልነበረም። እንደ ድሮው እየተደዋወልን፣ እየተገናኘን መቀጠል እንደማልችል ልንገርሽ ብዬ ነው፤ ላስጠብቅሽ አልፈልግም። ቅሬታ የለኝም። ሕመም ወይም ችግር ቢገጥምሽ ጥሪኝ፣ እመጣለሁ። አንቺንም ቤተሰብሽንም እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ።»

ምስጋናው በስም የሚጠራ አንድ ነገር ይኑረው። «ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» ለማንም የሚጻፍ ነው። «ምናልባት ወደፊት» አትጨምሪበት፤ ያቺ ቃል ሌላ ዓመት ታስጠብቃታለች። «እመጣለሁ» የምትለውን ግን ካላመንሽበት አውጪያት። አምና የቀረሽው አንቺ ነሽና ይህን ቃል ሁለተኛ ማጠፍ ከባድ ነው። ለበዓል ዋዜማ ወይም ለእኩለ ሌሊትም አትላኪው፤ ብቻዋን ሆና እንዳታነበው።

ከላክሽ በኋላ ስልኳን አትዝጊባት። «ምን አደረግኩሽ?» ብላ ልትጠይቅሽ ትችላለች፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የቆየ ጥፋት እየቆጠረ ይዘረዝራል። አንቺ «ምንም አላደረግሽኝም» ብለሽ በለስላሳ ቃል መልሺላት፤ እውነቱም ይኸው ነው። ብታለቅስ ስሚያት፤ ግን አዝነሽ ያልሽውን አትሻሪ፤ ወደዚያው «እሺ» ትመለሻለሽ። ጭራሽ ባትመልስልሽም መልስ አትጠይቂያት።

በልጅነት የነገረችሽ ምስጢር ሁሉ አሁንም የእሷ ነው። የጋራ የምታውቋቸው ሰዎች «ምን ሆናችሁ?» ሲሉሽ «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» በያቸው። ከዚያ በላይ ቢጠይቁሽ ወሬውን ወደ ሌላ ውሰጂው። በጸሎትሽ ስሟን የምታነሺ ከሆነም አታቋርጪ፤ ለዚያ መገናኘት አያስፈልግም።