ስኳር ያለበት ሰው ጾም፦ ስክሪፕቱ ላይ መጀመሪያ ሰዓቱን አንሱ

«ሰላም የግሩፑ አባላት። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዐቢይ ጾምን እንዴት ቀለል አድርገው መጾም እንደሚችሉ የ8 ደቂቃ ቪዲዮ ልንሠራ ነው። አንድ ቄስ ለመናገር ፈቅደውልናል። ስክሪፕቱን ከየት ልጀምር? የሠራችሁ ካላችሁ እርዱኝ።»

ሰላም እህቴ። እኛ ሠርተነዋል፣ አሁንም በየጾሙ እናቶች በቴሌግራም ይቀባበሉታል። ግን እዚያ እስክንደርስ ያየነውን አበሳ አንቺ እንዳታይው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

1. አንድ በሽታ ብቻ ምረጡ። ስኳር፣ ግፊት፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ እርግዝና ሁሉ 8 ደቂቃ ውስጥ አይገባም። ቢገባም እርስ በርሱ ይጣላል። ለስኳር ታማሚ «ምስርና ሽንብራ አዘውትሩ» ብትዪ ደህና ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ፖታሲየምና ፕሮቲን ስለሚመጠንለት ያው ምክር ሊጎዳው ይችላል። እኛ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ላይ ብቻ አተኮርን። የናንተም ሰፈር ከኛ አይለይም ብዬ አስባለሁ፣ ስለዚህ እሱኑ ያዙ።

2. የሚበላውን እና የሚበላበትን ሰዓት ለዩት። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው «ጾም አልችልም» ሲል ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ነው። ስኳር ታማሚን የሚጥለው ሥጋና ወተት መተው አይደለም፣ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ነው።

ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ላይ የሆነውን ነው ስክሪፕት ያደረግነው፣ ስማቸውን ቀይረን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደፍረስ ያለውን ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የሚባለውን፣ ይወጋሉ። ይሄ ኢንሱሊን ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጉት 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው፣ ከተወጉ እስከ 10 ሰዓት ያህል ቆይቶም ሊዘልቅ ይችላል። በኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። እሳቸው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ቅዳሴ መውጫውን ይጠብቃሉ። መድኃኒቱ ስኳሩን እያወረደ፣ ከላይ የሚተካ ምግብ የለም። ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ይምታታ ጀመር። አጠገባቸው ያሉት ሌላ ነገር መስሏቸው ጸበል ፍለጋ ሮጡ። አንዲት ነርስ ባትኖር ኖሮ እንጃ። መለኪያው 48 አለ። ከ70 በታች ከሆነ ዝቅ ብሏል ይባላል።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ያመጣው መላ «በጾም መርፌውን ይተዉት» የሚል ነበር። ይሄን ቪዲዮው ላይ በደንብ አፍርሱት። በተለይ ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊን የማያመርት ሰው መርፌውን ቢያቋርጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ሆስፒታል ይገባል። መጠኑን የሚቀይር ሐኪም ብቻ ነው። የሚዋጥ መድኃኒት የሚወስዱትም አንድ አይደሉም። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን እንዲህ አይጥልም፣ ግሊበንክላሚድ ግን ሳይበሉ ከዋሉ ይጥላል። ሰው የክኒኑን ስም ከካርቶኑ አንብቦ ሐኪሙን እንዲጠይቅ ንገሩት።

ስለዚህ ያቀረብነው ቀላል ጾም ይህን ይመስላል። ጠዋት መርፌውን ተወግተው ቁርስ ይበላሉ፣ ግን የጾም ቁርስ። አጃ፣ ወይም የሽንብራ ቂጣ፣ ወይም ከትናንት የተረፈ ሽሮ በትንሽ እንጀራ። ቀትር ላይ እንደገና ትንሽ ነገር። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የለም፣ 55ቱን ቀን። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቁ፦ የጾም ምግባችን ዳቦ፣ ድንች፣ ፓስታና እንጀራ ይበዛበታል። ሰው «ጾሜአለሁ» ብሎ ማታ ሁለት ሙሉ እንጀራ ከበላ ስኳሩ በሌላ በኩል ይሰቀላል።

3. ካህኑ የሚናገሩትን ከቀረጻ በፊት ተነጋገሩበት፣ የጤና ባለሙያው ባለበት። ይሄን ባለማድረግ ነው ገንዘባችን የፈሰሰው። ካሜራ ያከራየን ልጅ ስለቸኮለ ቀጥታ ወደ ቀረጻ ተገባ። አባታችን ጥሩ ሲናገሩ ቆይተው መጨረሻ ላይ «እምነት ያለው ሰው ግን ምንም አይነካውም» አሉ። አስቡት! ያን አንዲት ዓረፍተ ነገር የሰማ ታማሚ የቀረውን 7 ደቂቃ ይረሳዋል። ቆርጠን እናውጣው ስንል ንግግሩ ተቀጣጥሎ አልቆረጥ አለ። እንደገና ካሜራ ተከራየን። ሁለተኛው ላይ ግን ነርሷ አጠገባቸው ተቀምጣ መርፌው በስንት ሰዓት እንደሚበረታ አስረዳቻቸው። እሳቸውም ራሳቸው «ልጄ፣ ጾሙን አልሻርኩብሽም፤ ሰዓቱን ነው ያነሳሁልሽ» የሚለውን አመጡ። እኔ እድሜ ልኬን ብጽፍ ያን አልጽፍም።

መሠረቱንም እሳቸው እንዲናገሩ አድርጉ። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ለታመመ ሰው ቦታ ይተዋል። ይሄ ከኔ ወይም ከነርሷ አፍ ቢወጣ «እናንተ ማን ናችሁ» ይባላል። ደግሞም ቪዲዮው ለማንም ፈቃድ አይሰጥም፣ ፈቃድ የሚሰጠው የያንዳንዱ ሰው ነፍስ አባት ነው። ሰውየው የሐኪም ካርዱን ይዞ ነፍስ አባቱ ዘንድ እንዲሄድ ንገሩት።

4. ስግደት። እዚህ ላይ ካህናትም ሐኪሞችም አያስተውሉም። ሰዓት ሲነሳ ብዙ ጊዜ በምትኩ «ስግደት ጨምሪ» ይባላል። ስግደት እኮ ስፖርት ነው፣ ስኳርን ያወርዳል! ስኳር ዓይኑን የጎዳው ሰው ደግሞ ደጋግሞ ጭንቅላቱን መድፋቱ ለዓይኑ ደም መፍሰስ ሊያጋልጠው ይችላል። አባታችን ይሄን ሲሰሙ ምትኩን ምጽዋትና ዳዊት መድገም አደረጉት። ሰሙነ ሕማማት ላይ ደግሞ አክፍሎት ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው እንደማይሆን በግልጽ ይነገር፣ ያን ሳምንት ሰው ሁሉ ይበረታል።

በኪስ ስለሚያዘው ነገርም አንድ ትዕይንት አስገቡ። ስኳሩ ከወረደ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ዳይት ያልሆነ ለስላሳ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ካልተነሳ መድገም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፣ ጸበልም ቢሆን። ቀጥታ ሆስፒታል። ይሄን አባታችን ራሳቸው እንዲሉት ለመንናቸው፣ አሉትም። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

5. ደብዳቤ። ግቢ ውስጥ ለመቅረጽ ጽሕፈት ቤት ሄድን። የተቀመጠው ሰውዬ ሳያነበው «ጾም ሻሩ ብላችሁ ልታስተምሩ ነው?» ብሎ ወረቀቱን ወረወረው። ማኅተም የለውም፣ ነገ ኑ፣ ኃላፊው የለም። ስክሪፕቱ ጾም እንዴት እንደሚጾም ነው የሚለው፣ ማን ያንብብ! ቪዲዮው የወጣው ደብረ ዘይት ላይ ነው፣ ጾሙ ተጋምሶ። ሐኪም ዘንድ ቀድሞ መሄድ የነበረበት ሰው ሁሉ አልፎታል። እናንተ ነነዌ ከመግባቱ በፊት ጨርሱ፣ ከነነዌ እስከ ዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ስላለ ሰው ቀጠሮ ይዞ መድኃኒቱን ያስተካክላል።

ቁርባንን እዚሁ ቪዲዮ ውስጥ አታስገቡት። የ18 ሰዓቱ ነገር ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፣ የኛን ቪዲዮ አስተያየት መስጫ ሙሉውን የሞላው እሱ ነው። አባታችን «እሱን ለብቻዬ ጠይቁኝ» ብለው ዘግተውታል፣ የናንተም ቄስ እንዲሁ ይበሉ። ረቂቁን ስትጨርሱ እዚህ ለጥፉት፣ ነርሷን ታግ አደርጋታለሁ።