«ይዞታው የኔ ነው» ሁለት ሰው ሲለው

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከአገር ከወጣሁ 9 ዓመት አለፈኝ። አዲስ አበባ ያለው ቤት ካርታው በኔ ስም ነው። የምትኖርበት ግን የአጎቴ ልጅ ናት፤ «አባትሽ ሸጠውልኛል» ትላለች። «ይዞታው የኔ ነው» ስላት እሷም «ይዞታው የኔ ነው» ትለኛለች። በአማርኛ ባለይዞታና ባለቤት አንድ ናቸው? ማናችን ነን የተሳሳትነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አማርኛውን ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። «ይዞታ» ዛሬ ሁለት ሥራ የሚሠራ ቃል ነው። አንቺ በአንዱ ትናገሪያለሽ፣ እሷ በሌላው።

ከግሱ እንነሳ። «ቻለ» ብለን «ችሎ» ከዚያ «ችሎታ» እንደምንል፣ «ያዘ» ብለን «ይዞ» ከዚያ «ይዞታ» እንላለን። መያዝ ደግሞ የእጅ ነገር ነው። አንድ ሰው «ዛሬ መኪና ይዤ ነው የመጣሁት» ቢልሽ መኪናው የወንድሙ ይሁን የመሥሪያ ቤቱ አታውቂም፣ እሱም አልነገረሽም። «መኪና አለኝ» ካለሽ ግን የራሱ እንደሆነ ወዲያው ይገባሻል። ሐኪም «የበሽተኛው የጤና ይዞታ» ሲልም ቃሉ ከዚህ አልራቀም። አሁን ያለበት ሁኔታ ማለቱ ነው፤ ጤናው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ በጥንቱ አማርኛ ይዞታ ማለት ነገሩ አሁን በማን እጅ ነው ማለት ብቻ ነው።

«ባለቤት» ሌላ ዘር አለው። «ባለ» ከግዕዙ «በዓለ» የመጣ ነው፣ ጌታ ማለት። መጀመሪያ የቤት ጌታ ነበር፤ ከዚያ የላሟም የስልኩም ባለቤት ተባለ፣ የትዳር ጓደኛም ባለቤት ሆነ፣ ሰዋስው ውስጥ እንኳ ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው። ባለቤት አገር ጥሎ ቢሄድም ባለቤት ነው። ያዥ ግን ከለቀቀ አልያዘም።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልዩነት አልነካካውም። ይዞታ ያለው በነገሩ ላይ በእውን የሚያዝን ሰው ነው፤ መብት ይኑረው አይኑረው ሌላ ጥያቄ ነው። ከሁሉም የሰፋውን መብት ደግሞ «ባለሀብትነት» አለው። እዚህ ላይ የዛሬ አንባቢ ይደናገራል፣ ምክንያቱም አሁን «ባለሀብት» ስንል ገንዘብ ያለው፣ ፋብሪካ የሚከፍት ሰው ነው የሚታየን። ጠበቃ «የባለሀብትነት ማስረጃ አቅርቢ» ቢልሽ የባንክ ደብተርሽን አይደለም፤ የኔ ነው የምትይበትን ወረቀት ነው።

ይዞታ ሁለተኛ ትርጉም ያገኘው በመሬት በኩል ነው። በ1967 መሬት የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ቤቱን ሠርተሽ ባለቤት መሆን ትችያለሽ፣ የቆመበትን መሬት ግን የኔ ማለት አትችይም። እንግዲህ ለግለሰብ የሚሰጠው ወረቀት ምን ይባል? «የይዞታ ማረጋገጫ» ተባለ፣ ሰፈር ውስጥ «ካርታ» የምንለው። በዚህ መንገድ እጅ ላይ ያለን ነገር ይገልጽ የነበረው ቃል በመዝገብ ላይ የተጻፈ መብት ስም ሆነ። አሮጌው ትርጉም ግን አልሞተም፤ ፍርድ ቤት ውስጥ በየቀኑ ይሠራበታል።

አንቺ «ይዞታዬ» ስትዪ ካርታዬ ማለትሽ ነው። እሷ «ይዞታዬ» ስትል እየኖርኩበት ነው ማለቷ ነው። «ማን ይዞታል?» ብንል መልሱ እሷ ናት። «ይዞታው በማን ስም ነው?» ብንል አንቺ ነሽ። ሁለቱንም በአንድ ቃል ስትናገሩት ነው መደማመጥ ያቃታችሁ።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልሽ። ለሁለቱ ጥያቄዎች ሁለት የተለያዩ ክሶች አሉ፣ ስማቸውም ሳይቀር ይለያያል። የመጀመሪያው «ሁከት ይወገድልኝ» ይባላል። በተራው አማርኛ ሁከት ብጥብጥ ነው፤ እዚህ ግን የሰውን ይዞታ መንካት ማለት ነው፣ በጸጥታ ቢሆንም። ለምሳሌ ለእረፍት መጥተሽ፣ እሷ ገበያ በሄደችበት የበሩን ቁልፍ ብትቀይሪው፣ ማንም ሳይጮህ ሁከት ፈጥረሻል። ይዛው የነበረችው እሷ ናትና በ2 ዓመት ውስጥ ልትከስ ትችላለች። የሚጠየቀውም ማን ይዞት ነበር፣ ማንስ ወሰደበት የሚለው ነው። ቤቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ቦታው እዚያ አይደለም። ካርታዬን አሳያለሁ ትዪ ይሆናል። ሕጉ እዚያው ወዲያውኑና በማያሻማ ሁኔታ መብትሽን ካስረዳሽ ይቀበልሻል፤ ነገር ግን እሷም ከአባትሽ የተሰጠ ወረቀት ካወጣች ነገሩ መሻማት ጀመረ ማለት ነው። ቁልፉን አትንኪ የምልሽ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው «የመፋለም ክስ» ነው። ቃሉን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ተፋለመ ሲባል ሁለት ሰው የግድ ነው፤ ብቻውን የሚፋለም የለም። እዚህ የሚጠየቀው ቤቱ የማን ነው ብቻ ነው። ሕጉም ከአንቺ ጎን ይጀምራል፤ ለማይንቀሳቀስ ንብረት የአስተዳደር አካል የሰጠው ማረጋገጫ በስሙ ያለው ሰው ባለሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። የአንገት ሐብል ቢሆን ኖሮ ግምቱ ለያዘው ሰው በሆነ ነበር። ለቤት ግን ወረቀቱ ከእጅ ይበልጣል። ግምት ነውና ሊፈርስ ይችላል፣ ለምሳሌ ካርታው ሥልጣን በሌለው አካል ወይም ከሕግ ውጭ የተሰጠ ከሆነ። ማፍረሱ ግን የእሷ ሸክም ነው። «አባትሽ ሸጠውልኛል» ካለችም ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከዚያም በፊት አባትሽ ያኔ የሚሸጡት ነገር ነበራቸው ወይ፣ በስማቸው ወይስ በአንቺ ውክልና የሚለው ይመጣል።

ስለዚህ ስትጽፊ «ይዞታዬን ነጠቀችኝ» አትበይ። እንደዚያ ካልሽ በእጄ ነበር ማለትሽ ስለሆነ፣ 9 ዓመት ውጭ ሆነሽ መቼ ይዘሽው እንደነበር ትጠየቂያለሽ፤ 2ቱ ዓመትም ያኔ ይቆጠርብሻል። «ቤቱ የኔ ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫው በስሜ ነው፤ የምትኖርበት ግን እሷ ናት» ብለሽ ሦስቱን ለየብቻ ጻፊው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እሱም አማርኛ በአንዲት ፊደል የሚለየው ነው። ቤቱን «ይዛልኛለች» ወይስ «ይዛብኛለች»? ስትሄጂ እንድትጠብቅልሽ ሰጥተሻት ከሆነ የያዘችው ላንቺ ነው። ሕጉም ሰው በሌላ ሰው እጅ መያዝ እንደሚችል ያውቃል፣ ያኔ ያ የመጀመሪያው ይዞታ ራሱ ያንቺ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መልእክቶች ፈልጊ። «ቤትሽን እየጠበቅኩልሽ ነው» ብላ የጻፈችበት ቦታ ካለ፣ «ልሽ» የምትለዋን አትሰርዢያት።