የቀድሞ አለቃን የድጋፍ ደብዳቤ ስለ መጠየቅ

«ለውጭ አገር ስኮላርሺፕ ላመለክት ነው፤ ከአሠሪ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ሥራውን ከለቀቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ የቅርብ አለቃዬም ሌላ ድርጅት ገብተዋል። ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ደብዳቤውንስ በየትኛው ድርጅት ስም ነው የሚጽፉት?»

ከሁለተኛው ጥያቄ ልነሣ። አለቃዎ ሥራዎን በቅርብ ያዩ ሰው እስከሆኑ ድረስ ድርጅት መቀየራቸው ብዙ ጊዜ እንቅፋት አይሆንም። አሁን ያሉበት ድርጅት ከፈቀደላቸው የዚያው አርማ ባለበት ወረቀት ሊጽፉ ይችላሉ፤ ሆኖም የት፣ ከመቼ እስከ መቼና በምን ኃላፊነት ይመሩዎት እንደነበር በመጀመሪያው አንቀጽ መግለጽ አለባቸው፤ አለበለዚያ ገምጋሚው የወረቀቱን አርማ ከሥራ ታሪክዎ ጋር ሲያስተያይ ግራ ይጋባል። ጠበቅ ያለ መስፈርት ያላቸውም አሉ። ለምሳሌ ዳአድ የተባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት ለልማት ተኮር የድኅረ ምረቃ ትምህርቶቹ የሚቀበለው የአሠሪ ደብዳቤ አርማ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት፣ ቀኑም የቅርብ የሆነ ነው። ስለዚህ የመመሪያውን ቃል አንብበው፣ ማኅተም የግድ ከሆነ ይህን ማሟላት ይችሉ እንደሆነ ገና ሲጠይቋቸው ያንሡላቸው።

እኔ በኃላፊነት ስሠራ አብረውኝ ለነበሩ ልጆች እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች እጽፋለሁ። ለመጻፍ የሚከብደኝ የሰውየው ሥራ ደካማ ሲሆን ብቻ አይደለም፤ ጥሩ ሠራተኛ እንደነበር አስታውሼ ዝርዝሩ ሲጠፋኝም ነው። ያን ጊዜ ደብዳቤው «ታታሪ፣ ታማኝና ተግባቢ» ከማለት አያልፍም፤ ይህ ደግሞ ለማንም ሊባል የሚችል ስለሆነ ገምጋሚው ስለ እርስዎ የሚያውቀው ነገር አይኖርም።

የመጀመሪያው መልእክት አጭር ይሁን፤ ማንነትዎን ያስታውሳቸው፣ ቀኑን ይንገራቸው፣ እምቢ ለማለትም በር ይክፈትላቸው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። በእርስዎ ሥር በክትትልና ግምገማ ክፍል ስሠራ የነበርኩት ነኝ። በሕዝብ ጤና ለሁለተኛ ዲግሪ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ ሥራዬን በቅርብ ስለሚያውቁት የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ ብዬ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ደብዳቤው ከአምስት ሳምንት በኋላ መግባት አለበት። ጊዜ ከሌለዎት ወይም ስለ ሥራዬ በበቂ ሁኔታ ለመጻፍ የሚቸገሩ ከመሰለዎት ቢነግሩኝ በደስታ እረዳለሁ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አይተዉት። በይሉኝታ የተጻፈ ደብዳቤ ለብ ያለ ነው፤ ለብ ያለ ደብዳቤ ደግሞ ከእምቢታ ይልቅ ይጎዳል።

እሺ ካሉ በኋላ ሲቪዎን፣ የማመልከቻ ጽሑፍዎን ረቂቅና የስኮላርሺፑን መስፈርት ከአንድ ገጽ ማስታወሻ ጋር ይላኩ። ክብደቱ ያለው ማስታወሻው ላይ ነው። አንዲት የቀድሞ ባልደረባዬ የላከችልኝን ልንገርዎት። «ሪፖርት አዘጋጅ ነበርኩ» ብላ አላለፈችም። ከየቅርንጫፉ የሚመጣው ወርኃዊ ሪፖርት በተለያየ ቅጽ ስለሚሞላ ቁጥሮቹን ማስታረቅ ቀናት ይፈጅ እንደነበር፣ እሷ አንድ ወጥ ቅጽ አዘጋጅታ ቅርንጫፎቹን በስልክ አንድ በአንድ እንዳሳመነች፣ አንዱ ኃላፊ እንዴት እንደተቃወማትና እንዴት እንደተስማሙ በጥቂት መስመሮች አስታወሰችኝ። ሳነበው ያ ስብሰባ ትዝ አለኝ፤ እሷ ያልጻፈችውንም፣ ኃላፊው ሲቆጣ ድምፅዋን ሳታሰማ ቁጥሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ማሳየቷን ጨመርኩበት። ስኮላርሺፑ የአመራር ብቃትን ይመዝን ስለነበር ደብዳቤዬ በዚህ አንድ ታሪክ ላይ ቆመ። እርስዎም መስፈርቱን አይተው ከእሱ ጋር የሚገጥሙ ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎች ብቻ ይምረጡ፤ አለቃዎ በዓይናቸው ያላዩትን አያስገቡ።

ደብዳቤው በኦንላይን የሚገባ ከሆነ ሊንኩ በቀጥታ ወደ እሳቸው ኢሜይል ይላካል። አንዳንዱ ሲስተም አድራሻቸውን እንዳስገቡ፣ ሌላው ማመልከቻዎን ካስገቡ በኋላ ብቻ ስለሚልከው አስቀድመው ያጣሩ። የሚቻል ከሆነ የመሥሪያ ቤት ኢሜይላቸውን ይስጡ፤ በተላከበት ቀንም ስፓም ውስጥ እንዲፈልጉት ይንገሯቸው። ቀኑ ሳምንት ሲቀረው አንድ ጊዜ በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም።

«አንተ ጻፈውና እኔ ልፈርም» ሊሉም ይችላሉ፤ ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከሥራ ብዛት ነው። ብዙ ስኮላርሺፖች ግን ደብዳቤውን ምስክሩ ራሱ እንዲጽፈው ይጠይቃሉ፤ ከዚያም በላይ ደብዳቤውና የራስዎ ጽሑፍ ከአንድ እጅ እንደወጡ አቀራረባቸው ያሳብቃል። ማስታወሻውን ይበልጥ አሳጥረው፣ «ከእነዚህ የሚያስታውሱትን በራስዎ አገላለጽ ቢጽፉልኝ ይበቃኛል» ብለው ይመልሱላቸው። ለዚያም ጊዜ ከሌላቸው፣ ማዕረጋቸው ዝቅ ቢልም ሥራዎን በየቀኑ ያይ የነበረ ሌላ ኃላፊ ይጠይቁ።