ቅዳሜ የሚጨናነቅ፣ ማክሰኞ የሚያዛጋ ፀጉር ቤት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሰው ቤት በፐርሰንት የምሠራ ፀጉር ቆራጭ ነኝ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሥር ሁለት ወንበር የሚይዝ ሱቅ አግኝቻለሁ፣ ውል ግን ገና አልፈረምኩም። ሰፈሩ ውስጥ ፀጉር ቤት ሞልቷል። ሁሉም ቅዳሜ ይጨናነቃሉ፣ በሥራ ቀን ግን ቆራጮቹ ስልክ ሲነካኩ ነው የሚውሉት። የእኔ እንዲለይ፣ ቶሎ እንዲያስተናግድና በሥራ ቀንም ሰው እንዳይጠፋበት ምን ላድርግ? ቅናሽ ልጀምር ወይስ ጌጡ ላይ ገንዘብ ላውጣ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱም ይቆዩ። የማክሰኞ ቅናሽ የሚጠቅመው ቀድሞውንም ማክሰኞ የሚመጣውን ሰው ነው። ቅዳሜ የሚመጣው ደግሞ «ለምን እኔ ላይ ይወደዳል?» ማለት ይጀምራል። የመስታወቱን ጌጥና የግድግዳውን መብራት ጎረቤትህ በወሩ ያስመስለዋል።

የምትታወቅበትን ነገር ከሥራው ውስጥ አውጣው። እንዳንተ ሰፈር ባለ፣ ትዳር የያዙና ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች በበዙበት ኮንዶሚኒየም እኔ የምመርጠው «ሽፍታ የማያወጣ፣ ጭርት የማያስይዝ ቤት» መባልን ነው። ብዙ ወንዶች ከተላጩ በኋላ አንገታቸው ላይ የሚወጣባቸውን ሽፍታ እንደ ዕጣቸው ቆጥረው ተቀብለውታል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ጥምዝ ፀጉር በምላጭ ከሥሩ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፣ ሲያድግም ዞሮ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እንዲህ ላለበት ሰው ምላጩን ተወውና በትሪመር ግማሽ ሚሊሜትር ያህል አስቀርተህ ሥራ። ቁስሉ መግል ከያዘ አትንካው፣ ሐኪም እንዲያየው ንገረው።

ጭርት የልጆች ጉዳይ ነው። በማሽን፣ በማበጠሪያና በፎጣ ይተላለፋል። አናቱ ላይ ክብ ሆኖ የሳሳና የሚቀረፍ ቦታ ያለበት ልጅ ከመጣ፣ አባቱን ለብቻው ጠርተህ በቀስታ ንገረው፣ ወደ ጤና ጣቢያም ላካቸው። የራስ ጭርት በቅባት ብቻ አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ለማሽኑ ደግሞ መጀመሪያ ፀጉሩን በብሩሽ አራግፍ፣ ከዚያ ምላሱን በ70 በመቶ አልኮል አርሰህ እስኪደርቅ ጠብቅ። ፀጉርና ቅባት እንዳለ አልኮል ብታርከፈክፍበት ሥራውን አይሠራም። ይህን ሁሉ ደንበኛው እያየህ አድርገው። ደም ከነካው ግን በአልኮል ብቻ አትመለስ፤ ያን ማሽን አስቀምጥና በሌላ ቀጥል፣ ምላጭ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ይሁን። ልጁን አምኖ የሚያመጣ አባት ራሱም እዚያው ይቆረጣል።

«ይህ ሁሉ ጊዜ አይፈጅም ወይ?» ትል ይሆናል። በየወንበሩ ሁለት ማሽን ካለ አይፈጅም፣ አንዱ ሲደርቅ በሌላው ትሠራለህ። ጊዜ የሚበላው ሌላ ነገር ነው። አሁን የምትሠራበት ቤት አንድ ቅዳሜ ደንበኛው ከተቀመጠበት እስከተነሳበት ያለውን ደቂቃ ያዝ፣ ማሽኑ ፀጉሩ ላይ ያልነበረበትን ለይተህ ጻፍ። ከስልክ ፎቶ ሲመረጥ፣ የማሽኑ ቁጥር ሲፈለግ፣ ስልክ ሲነሳ፣ ለመልስ ሱቅ ሲኬድ ደቂቃው ያልቃል።

እስቲ እናስላው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ብትሠራ፣ የምሳ አንድ ሰዓት ሲቀነስ ለአንድ ወንበር 600 ደቂቃ አለህ። አንድ ሰው 40 ደቂቃ ከፈጀ 15 ሰው፣ በሁለት ወንበር 30 ሰው ታስተናግዳለህ። 30 ደቂቃ ከሆነ ግን 40 ሰው ነው። እጅህን ማፍጠን አይጠበቅብህም፣ አሥሩን ደቂቃ ከመቁረጡ ውጭ ካለው ላይ አንሳ። ተረኛው ወንበሩ ላይ ሳይወጣ ጎኑ ስንት ቁጥር እንደሚሆን፣ ፌድ ይሁን አይሁን፣ ጺሙ እንደሚነካ ጠይቀው። ክፍያው በር አጠገብ ይሁን፣ የቴሌብር ቁጥርህንም እዚያው ለጥፍ። ቅዳሜ ብቻ የሚጠርግና ፎጣ የሚያቀርብ ልጅ ያዝ። አንዱን ወንበር ደግሞ ለአጭር ሥራ ተወው። ዙሪያውን ብቻ ለማስተካከል የመጣ ሰው ከሦስት ፌድ ኋላ ከተቀመጠ ተነስቶ ይሄዳል።

ያ ተነስቶ የሚሄደው ሰው ነው የሥራ ቀን ደንበኛህ። የአራብሳ ሠራተኛ በጨለማ ወጥቶ ወደ መገናኛ ይሳፈራል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ጠዋት 2 ሰዓት ከፍተህ ማታ 1 ሰዓት የምትዘጋ ከሆነ እሱ በሌለበት ቁጭ ብለህ ውለህ እሱ ሲመጣ ትዘጋለህ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋቱን ለአንድ ቆራጭ ስጥ፣ ለጡረተኛውና ለባጃጅ ሹፌሩ ይበቃል። ሁለተኛው ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ፣ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይግባ፣ እስከ ማታ 3 ሰዓትም ይቆይ። ፈረቃውን በየሳምንቱ ቀያይሩ፣ በፐርሰንት የሚሠራ ሰው ሁሌ ጠዋት ከተመደበበት ጥሎህ ይሄዳል።

ማታ መሥራት ብርሃን ይፈልጋል። ጣራው ላይ ባለ አንድ አምፖል ፌድ ከሠራህ ከጆሮ በላይ ጥላ ይወድቃል፣ ያልተስተካከለውን መስመር ደንበኛው በማግስቱ ቢሮ ያየዋል። ከመስታወቱ ግራና ቀኝ፣ በደንበኛው ፊት ቁመት ልክ መብራት አድርግ። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግልህን ባለባትሪ ማሽንና መብራት ጠዋት ቻርጅ አድርገህ ጠብቅ፣ ለውኃም ሮቶ ይኑርህ።

ቀጥሎ ደብተር ያዝ፦ ስም፣ ቀን፣ የማሽን ቁጥር። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። ዜሮ የወረደ ጎን በሁለት ሳምንት 5 ሚሊሜትር ይደርሳል፣ ያም 6 ሚሊሜትር ከሆነው ቁጥር 2 ጋር ሊስተካከል ነው፤ ፌዱ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጨርቁን ስታወልቅለት «ከሁለት ሳምንት በኋላ ረቡዕ፣ ከሥራ ስትመለስ 1 ሰዓት ላይ ወንበር ልያዝልህ?» በለው። ሙሉ ቁርጥ የማይፈልገውን ለዙሪያና ለጺም ብቻ በአነስተኛ ዋጋ ጥራው፣ አሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ ካረፈደ ግን ተራው ለሚቀጥለው እንደሚያልፍ አስቀድመህ ንገረው፣ አለዚያ ቀጠሮህ ራሱ ወረፋ ይሆናል። በበዓል ዋዜማ ቀጠሮ አትያዝ፣ የተራ ቁጥር ብቻ ስጥ።

ሁለት ወር ሲሞላ ደብተሩን ግለጥ። የተቀጠሩት እየመጡ፣ ቅዳሜ ተነስተው የሚሄዱት እያነሱ ከሆነ አያያዝህ ሠርቷል። አዲስ የመጡት በአምስት ሳምንት ውስጥ ካልተመለሱ ግን ችግሩ ቀኑ ላይ አይደለም፣ ቆራጩን ወይም መስተንግዶውን መርምር።

ውሉን ከመፈረምህ በፊት ግን ማክሰኞ ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ሱቁ በር ላይ ቆመህ የሚያልፉትን ወንዶች ቁጠር። ከታክሲ የሚወርዱት በሌላኛው ብሎክ በኩል የሚገቡ ከሆነ፣ የዚህኛው ሱቅ ኪራይ ቢረክስም እዚያ መንገዳቸው ላይ ሌላ ፈልግ።